ምክንያትም ቀን አለው፦ በመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት የጳጳሱ፣ የፈረሰኛውና የነጋዴው ፍላጎት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በ1096 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከፈረንሳይ፣ ከፍላንደርስ፣ ከራይን ሸለቆና ከደቡብ ኢጣሊያ ተነሥተው፣ አብዛኞቹ አይተውት ወደማያውቁት አገር፣ ወደ ኢየሩሳሌም የዘመቱት ለምን ነበር? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ለዚህ ጥያቄ በተማሪዎች የፈተና ወረቀት ላይ ዘወትር የማነበው መልስ ሦስት ክፍል አለው። ጳጳሱ ሥልጣን ፈለገ፤ ፈረሰኛው መሬት ፈለገ፤ ነጋዴው ትርፍ ፈለገ፤ ሃይማኖት ግን የሦስቱም መሸፈኛ ነበር ይላል። መልሱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ማስረጃ ይገኝለታል። ጉድለቱ ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ከ1099 ዓ.ም. ድል በኋላ የታየውን ጥቅም ወስዶ፣ ሰዎቹ በ1096 ዓ.ም. ከቤታቸው ሲወጡ በልባቸው የነበረ ምክንያት ያደርገዋል። የዛሬው ክርክሬ በአጭሩ ይህ ነው፦ የአንድን ሰው ምክንያት ስንመረምር ምን እንዳገኘ ሳይሆን፣ በወሰነበት ቀን ምን ያውቅ እንደነበረና ምን እንደከፈለ መጠየቅ አለብን። ይህን ስናደርግ የሦስቱ ወገኖች ሥዕል ይለወጣል።

ከጳጳሱ ልጀምር። ዳግማዊ ኡርባኖስ ጥሪውን በክሌርሞን ከተማ ያስተላለፈው ኅዳር 27 ቀን 1095 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የሮማ መንበር ጸጥ ያለ መንበር አልነበረም። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት አራተኛው ሄንሪ ሌላ ጳጳስ፣ ሣልሳዊ ክሌመንስን፣ ደግፎ ያቆመ ሲሆን ኡርባኖስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሮማ ላይ እንኳ በነፃነት መቀመጥ አልቻለም ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ቀዳማዊ ፊልጶስ ደግሞ በጋብቻው ምክንያት በዚያው በክሌርሞን ጉባኤ ተወግዟል። ስለዚህ የምዕራቡ ዓለም ሁለት ታላላቅ ነገሥታት ከጳጳሱ ጋር ባልተስማሙበት ሰዓት፣ ጳጳሱ ራሱ የክርስቲያኖችን ሠራዊት ጠርቶ አዘመተ ማለት ነው። ይህ የሥልጣን ጉዳይ አልነበረም የሚል ሰው አላውቅም።

ነገር ግን በዚያ ላይ ሌላ ነገር ነበር። በመጋቢት 1095 ዓ.ም. በፒያቼንዛ ጉባኤ የቢዛንታዩ ንጉሠ ነገሥት የአሌክሲዮስ ኮምኔኖስ መልእክተኞች ቀርበው በሴልጁቅ ቱርኮች ላይ እርዳታ ጠይቀዋል። ከ1054 ዓ.ም. ጀምሮ የተራራቁትን የሮማንና የቁስጥንጥንያን አብያተ ክርስቲያናት ለማቀራረብ ይህ መልካም በር ነበር። በአገር ቤት ደግሞ ኤጲስ ቆጶሳት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የፈረሰኞችን የእርስ በርስ ውጊያ በመሐላ ለመገደብ ሲደክሙ ቆይተዋል። በጳጳሱ አእምሮ እነዚህ ጉዳዮች ተለያይተው የተቀመጡ አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ ማለት ለእርሱ የሮማ መንበር መከበር፣ የምሥራቅ ክርስቲያኖች መረዳትና የሰይፍ ሰዎች መታረም በአንድነት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የክሌርሞኑ ስብከት በየመጽሐፉ ተጠቅሶ ታገኙታላችሁ። በተለይ «አገራችሁ ጠባብ ናት፣ ሀብቷም አይበቃችሁም» የሚል ይዘት ያለው ክፍል የመሬት ጥማትን ለማስረዳት ዘወትር ይጠቀሳል። ይህ ክፍል የመጣው ከመነኩሴው ሮበርት ታሪክ ነው፤ ሮበርት ደግሞ የጻፈው ኢየሩሳሌም ከተያዘች ከዓመታት በኋላ ነው። ሌሎቹ የስብከቱ ቅጂዎችም እንዲሁ ከድሉ በኋላ የተጻፉ ሲሆኑ እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም። በጊዜው ለተጻፈ ቃል የምንጠጋው በራሱ በጳጳሱ ደብዳቤዎችና በጉባኤው ውሳኔ ነው። ከውሳኔዎቹ አንዱ ለእኛ ጥያቄ ወርቅ ነው። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ ክብርን ወይም ገንዘብን ፈልጎ ሳይሆን፣ ስለ አምልኮ ብቻ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ነፃ ለማውጣት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው፣ ጉዞው በቀኖናው ሁሉ ፈንታ ይቆጠርለታል።

በአማርኛ «ቀኖና» የሚለው ቃል ይህን ነገር ለማስረዳት በጣም ይመቻል፤ ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው የንስሐ አባቱ የሚሰጠውን ጾም፣ ስግደትና ምጽዋት እንላለንና። ጳጳሱ የሰጠው ይህን ነው፤ ኃጢአቱን የተናዘዘ ተዋጊ ገዳም ሳይገባ፣ ሰይፉን ሳያስቀምጥ፣ በለመደው ሙያው ቀኖናውን እንዲፈጽም ፈቀደለት። የውሳኔው ሌላ ገጽታ ደግሞ «ክብርን ወይም ገንዘብን ፈልጎ ሳይሆን» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው። ጳጳሱ ክብርና ገንዘብ የሚፈልጉ እንደሚመጡ ስለሚያውቅ አስቀድሞ ለይቷቸዋል። ስለዚህ የተደበላለቀ ምክንያት የኋለኛው ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ግኝት አይደለም፤ ዘመቻው ገና በወረቀት ላይ ሳለ የታወቀ ችግር ነበር።

አሁን ወደ ፈረሰኛው ልለፍ። ፈረሰኛ ስል በአውሮፓ ቋንቋዎች «ናይት» የሚባለውን፣ ፈረስና የብረት ጥሩር ያለውን፣ ከርስቱ የሚኖረውን ተዋጊ ማለቴ ነው። የዚህ ሰው ልብ በምን ይታወቃል? ማስታወሻ ደብተር አልተወልንም። የተወልን የውል ሰነድ ነው። ለጉዞው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ገዳም ነበርና ርስቱን ለገዳም ሲሸጥ ወይም ሲያስይዝ መነኮሳቱ ውሉን ጽፈው አኖሩት። ከእነዚህ ሰነዶች አንዱን በዝርዝር እንመልከት።

ሰውየው አሻር ዘሞንሜርል ይባላል፤ አገሩ በሶን ወንዝ አጠገብ፣ ከልዮን ከተማ በስተሰሜን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1096 ዓ.ም. ከታላቁ የክሉኒ ገዳም ጋር ተዋዋለ። የቦታው ምርጫ በአጋጣሚ አይደለም። ኡርባኖስ ራሱ ቀድሞ የክሉኒ መነኩሴና አለቃ ነበር፤ ከክሌርሞን ጉባኤ አንድ ወር አስቀድሞም ወደ ክሉኒ መጥቶ የአዲሱን ቤተ ክርስቲያን መንበር ባርኳል። ስለዚህ ጥሪው ወደ አሻር የደረሰው በሩቅ ወሬ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

አሻር በውሉ ላይ ክርስቲያኖች ወደ ኢየሩሳሌም ለመዝመት መነሣታቸውን ጠቅሶ እርሱም ታጥቆ ሊሄድ እንደወሰነ ይናገራል። «ታጥቆ» የሚለውን ልብ በሉ፤ ተሳላሚ ከጥንት ጀምሮ በትር ይዞ እንጂ ጦር ይዞ አይሄድም ነበር። ቀጥሎ ርስቱን ለገዳሙ አስይዞ 2000 የልዮን ሶልዲና አራት በቅሎዎች ይቀበላል። ይህ በእኛ የሕግ ቋንቋ ወለድ አግድ የምንለው ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ይጠቀማል። ከዚያ ዋናዎቹ ሁኔታዎች ይመጣሉ። ከራሱ ከአሻር በቀር ከዘመዶቹ ማንም መሬቱን መዋጀት አይችልም። በጉዞው ላይ ቢሞት፣ ወይም በማናቸውም ምክንያት በዚያ አገር ለመቅረት ቢመርጥ፣ መያዣው መያዣነቱ ቀርቶ ለዘለዓለም የገዳሙ ርስት ይሆናል።

ይህን ውል እንደ አንድ የሒሳብ መዝገብ እናንብበው። በአንዱ በኩል የአባቶቹ ርስት አለ፤ በሌላው በኩል ለመንገድ የሚሆን ብርና አራት የጭነት እንስሳት። መሬት የሚፈልግ ሰው በእጁ ያለውን መሬት ሰጥቶ አይነሣም ልንል እንችላለን፤ ግን አንቸኩል። «በዚያ አገር ለመቅረት ቢመርጥ» የሚለው ሐረግ መቅረት ሊታሰብ የሚችል ነገር እንደነበረ ይነግረናል። አሻር ወይም የገዳሙ ጸሐፊ ይህን ዕድል አስቦበታል። ይሁን እንጂ ውሉ የተሠራው በመመለስ ተስፋ ላይ ነው፤ መመለስ የማይፈልግ ሰው መሬቱን በተሻለ ዋጋ ይሸጣል እንጂ የመዋጀት መብቱን ለብቻው አያስጠብቅም። ሰነዱ የሚያሳየን እንግዲህ ንጹሕ መናኝም አይደለም፣ መሬት ነጣቂም አይደለም። መሄድን የወሰነ፣ መመለስን ተስፋ የሚያደርግ፣ መሞትንም መቅረትንም በሒሳብ ያስገባ ሰው ነው።

አሻር ብቻውን አልነበረም። የኖርማንዲው መስፍን ሮበርት ግዛቱን በሙሉ ለወንድሙ ለእንግሊዙ ንጉሥ በ10,000 ማርክ ብር አስይዟል። ጆናታን ራይሊ ስሚዝ እንደገመተው አንድ ፈረሰኛ ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው ወጪ የዓመት ገቢው አራት እጥፍ ያህል ነበር። ይህን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ዘመዱ ተጋርቶታል፤ የጋራ ርስት ሲሸጥ ወንድሞችና እናቶች ፈቃዳቸውን በውሉ ላይ ሰጥተዋል።

ይህ ነገር በታሪክ ጥናት ውስጥ ከባድ ክርክር አለበት። ጆርጅ ዱቢ እነዚህኑ የማኮን አካባቢ ሰነዶች መርምሮ ቤተ ሰቦች ርስታቸው እንዳይበጣጠስ ይጨነቁ እንደነበር አሳየ። ከዚህ ተነሥተው ሌሎች፣ ዘመቻው ርስት ለማይደርሳቸው ታናናሽ ልጆች መውጫ ሆነ ብለው ደመደሙ። የዱቢ ምርመራ ዛሬም ይጸናል፤ መደምደሚያው ግን በሁለት ነገሮች ይፈተናል። አንደኛ፣ ከዘማቾቹ መካከል የበኩር ልጆችና ባለ ርስቶች ብዙ ናቸው፤ ልጅን ለማራቅ የፈለገ ቤተ ሰብም ከዚህ እጅግ የረከሰ መንገድ ነበረው። ሁለተኛ፣ ድሉ ከተገኘ በኋላ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዘመቻው የነበረው ፉልሸር ዘሻርትር እንደጻፈው በንጉሥ ባልድዊን ዘመን መጀመሪያ በኢየሩሳሌም አገር የቀሩት ፈረሰኞች ከ300 አይበልጡም ነበር። የመጡት ለመሬት ቢሆን ኖሮ መሬቱ ባዶ ሆኖ ሲጠብቃቸው ለምን ጥለውት ይሄዳሉ?

በተቃራኒው ወገን ያሉትን ማስረጃዎችም መደበቅ አይገባም። ቦሄሞንድ የአባቱን ዋና ግዛት ለታናሽ ወንድሙ ያጣ ሰው ነበር፤ አንጾኪያ በ1098 ዓ.ም. ስትያዝ ለራሱ አስቀራት፣ ወደ ኢየሩሳሌምም ከሠራዊቱ ጋር አልቀጠለም። የቡሎኙ ባልድዊንም ታናሽ ልጅ ነበር፤ ከሠራዊቱ ተለይቶ በመጋቢት 1098 ዓ.ም. የኤዴሳ ጌታ ሆነ። የመሬት ጥማት የሚለው ትርጓሜ ለእነዚህ በትክክል ይሠራል። ስሕተቱ በዜና መዋዕል ጎልተው የሚታዩትን ጥቂት መሪዎች ወስዶ በብዙኃኑ ላይ መዘርጋት ነው።

በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰውም አለ፤ ስቴፈን ዘብሎዋ። ይህ ታላቅ ባለጸጋ ከአንጾኪያ ከበባ ለሚስቱ ለአዴላ በመጋቢት 1098 ዓ.ም. በላከው ደብዳቤ፣ ከቤት ሲወጣ ከነበረው ወርቅና ብር እጥፍ እንዳለው ይጽፍላታል። በዚያው ደብዳቤ ስለ ክርስቶስ የሞቱትን ያነሣል። ሁለቱን አንድ ላይ ሲጽፍ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አልመሰሉትም። ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንጾኪያ ሸሽቶ ተመለሰ፤ ስሙ ጠፋ። ሚስቱ አላስቀመጠችውም፤ ዳግመኛ ዘምቶ በ1102 ዓ.ም. በራምላ ሞተ። የመጀመሪያ ጉዞው ምክንያት ምንም ይሁን፣ ሁለተኛው ጉዞ የነፍስ ስእለትና የክብር ጉዳይ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ መንገድ፣ ግን በተለያየ ቀን የተለያየ ምክንያት።

ሦስተኛው ወገን ነጋዴው ነው። እዚህ ላይ ጄኖአን እንውሰድ፤ በከተማዋ የኖረውና የመሰከረው ካፋሮ ታሪኩን ጽፎልናልና። ጳጳሱ ሁለት ኤጲስ ቆጶሳትን ወደ ጄኖአ ልኮ አሰብኳል፤ በ1097 ዓ.ም. የበጋ ወራትም 12 የቀዘፋ መርከቦች ወደ ምሥራቅ ተነሡ። በዚያ ቀን በእጃቸው የንግድ መብት የሚሰጥ ውል አልነበረም፤ የተያዘ ወደብም አልነበረም። ከምሥራቁ ንግድ በቋሚነት ይጠቀሙ የነበሩት አማልፊዎች፣ ከግብፅ ጋር ይነግዱ የነበሩና በኢየሩሳሌም የእንግዳ ማረፊያ የነበራቸው፣ በመጀመሪያው ዘመቻ የጎላ ድርሻ አልነበራቸውም። ንግድ ያለው ሰው ጦርነትን ይፈራል፤ ንግድ የሚፈልግ ሰው ግን ዕድሉን ሊሞክር ይችላል። የጄኖአ ጉዞ ሙከራ ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ትርፉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ 14 ቀን 1098 ዓ.ም. ቦሄሞንድ ለጄኖአውያን በአንጾኪያ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የንግድ ማረፊያ፣ አንድ የውኃ ጉድጓድና 30 ቤቶች ሰጣቸው። በ1101 ዓ.ም. ቂሳርያ ስትያዝ ደግሞ፣ ካፋሮ እንደሚለው፣ እያንዳንዱ ሰው 48 ሶልዲና ሁለት ፓውንድ ቁንዶ በርበሬ ደረሰው። ከ1098 ዓ.ም. በኋላ የሚመጣ መርከበኛ ምን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ የ1097ቱ አያውቅም ነበር። እነዚሁ መርከበኞች የመጥምቁ ዮሐንስ አፅም ነው ብለው ያመኑበትን ቅሪት ወደ ከተማቸው ይዘው መመለሳቸውን ስንጨምርበት፣ ቁንዶ በርበሬው የነጋዴው እውነተኛ ልብ፣ አፅሙ ደግሞ ሽፋን ነው የምንልበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለቱም ከአንድ መርከብ ወረዱ።

አሁን ሦስቱን ወገኖች በአንድ ቦታ ላገናኛቸው። በሰኔ 1099 ዓ.ም. ሠራዊቱ ኢየሩሳሌምን ከብቦ ሳለ እንጨትና መሣሪያ አጥቶ ተቸገረ። በዚያው ሰሞን የጄኖአ መርከቦች ያፋ ደረሱ፤ እነርሱን ለማጀብም ጥቂት ፈረሰኞች ወደ ባሕሩ ዳርቻ ተላኩ። በመንገድ ላይ ጠላት ገጠማቸውና ከሞቱት አንዱ አሻር ዘሞንሜርል ሆነ። ኢየሩሳሌም ልትያዝ አንድ ወር ያህል ብቻ ቀርቷት ነበር። መርከበኞቹ ያመጡት እንጨትና ሙያ ከተማይቱን የሰበሩትን የከበባ ግንቦች ለመሥራት አገለገለ። በክሉኒ የተጻፈው ውልም በዚያ ቀን ሁኔታው ተፈጸመ፤ በውሉ ቃል መሠረት የአሻር ርስት የገዳሙ ሆነ። ከጳጳሱ ገዳም ተበድሮ የወጣው ፈረሰኛ፣ የነጋዴዎቹን መርከብ ሊጠብቅ ሲሄድ ሞተ። ትርፍና ኪሳራን ብቻ የምናነብ ብንሆን ገዳሙ አተረፈ፣ ጄኖአ አተረፈች፣ አሻር ከሰረ ብለን እንዘጋው ነበር። አሻር ግን የገዛው ነገር በዚህ መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ እርሱ እንደሚያምነው በቀኖናው ፈንታ የተቆጠረለት ጉዞ ነው።

የማስረጃችንንም ወሰን ልናገር። ውሎቹን የጻፉት መነኮሳት ናቸው፤ የሃይማኖት ቃላቱ ስንቱ የፈረሰኛው፣ ስንቱ የጸሐፊው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ እኔ ከቃላቱ ይልቅ በሁኔታዎቹ ላይ መደገፍን እመርጣለሁ፤ ብር፣ በቅሎ፣ የመዋጀት መብት የጸሐፊ ጌጥ አይደሉምና። ሁለተኛ፣ ውል የሚዋዋለው ርስት ያለው ሰው ብቻ ነው። በእግሩ የተከተለው ድኻ ገበሬ ሰነድ አልተወም።

ሦስተኛ፣ የነፍስ ፍላጎት እውነተኛ ነበር ማለት ድርጊቱ የተቀደሰ ነበር ማለት አይደለም። በግንቦት 1096 ዓ.ም. የኤሚኮ ጭፍሮች በማይንዝ ከተማ የአይሁድን ማኅበረ ሰብ ፈጁ። አይሁድ ለኤሚኮ ገንዘብ እንደሰጡት፣ እርሱም ገንዘቡን ተቀብሎ እንዳላዳናቸው የዕብራይስጥ ዜና መዋዕሎች ይናገራሉ። ዝርፊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ በበቃ ነበር፤ ተጠማቂዎቹን በሕይወት መተው፣ እምቢ ያሉትን መግደል የሌላ ዓይነት ምክንያት ምልክት ነው። እምነት ሽፋን ብቻ ነበር ብንል ይህን ክፉ ሥራ እንኳ መረዳት ያቅተናል።

እንግዲህ ተማሪዎቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ መስቀል ጦረኞች ምክንያት ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ማስረጃ አጠገብ ቀኑን አኑሩ። ከድሉ በፊት የተጻፈ ነው ወይስ በኋላ? ጸሐፊው የሚያስረዳው የራሱን ውሳኔ ነው ወይስ የሌላውን ውጤት? ያን ጊዜ በ1095 ዓ.ም. ሥልጣኑንም እምነቱንም በአንድ ውሳኔ ያሰረ ጳጳስ፣ በ1096 ዓ.ም. የሚያጣውን እያወቀ የተነሣ ፈረሰኛ፣ በ1097 ዓ.ም. ዕድሉን የሞከረና በ1101 ዓ.ም. ቁንዶ በርበሬውን የተካፈለ መርከበኛ ታገኛላችሁ። ሦስቱ በአንድ ቃል አይጠቀለሉም።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።